ኤቢሲ አመዳደብ በመለዋወጫ ስቶር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስቶር ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛው ጊዜዬ ያለፈው በከባድ መኪና መለዋወጫ መሃል ነው። ስለ ኤቢሲ የሚጠይቁኝ ስቶር ኪፐሮች፣ የግዢ ሠራተኞችና የሒሳብ ሰዎች ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። መልሱን እዚህ አንድ ላይ ላስቀምጠው። ምሳሌዬ የአንድ የጭነት መኪና ድርጅት ስቶር ነው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት እንዲመቹ ራሴ አጠጋግቼ አዘጋጅቻቸዋለሁ።

ኤቢሲ ሲባል ምን ማለት ነው?

በዓመት ውስጥ ከስቶር የወጣውን የእያንዳንዱን እቃ ብዛት በነጠላ ዋጋው ታባዛላችሁ። የሚመጣው ብር የእቃው ዓመታዊ የፍጆታ ዋጋ ይባላል። ከዚያ እቃዎቹን ከትልቁ ብር ወደ ትንሹ ትደረድራላችሁ። ከላይ ያሉት ጥቂት እቃዎች አብዛኛውን ብር ይዘው ታገኟቸዋላችሁ። እነሱ ኤ ናቸው። መካከለኞቹ ቢ ይባላሉ። ከታች ያለው ረጅም ሰልፍ፣ በቁጥር ብዙ በብር ግን ትንሽ የሆነው፣ ሲ ነው።

ዘዴውን ለእቃ ቁጥጥር ያስተዋወቀው በአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ይሠራ የነበረው ፎርድ ዲኪ ነው፤ ጽሑፉ የወጣው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው።

ለምን በነጠላ ዋጋ ብቻ አንመድብም? ውድ እቃ ውድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት እቃ ልውሰድ። የሞተር ዘይት አንዱ ሊትር 450 ብር ነው። የፍሪሲዮን ዲስክ አንዱ 30,000 ብር ነው። መደርደሪያው ፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው ዲስኩ ነው የሚጠበቀው፣ ዘይቱ ነው የሚናቀው። አሁን የዓመቱን ወጪ እዩ። ዘይት 4,000 ሊትር ወጥቷል፤ 1,800,000 ብር። ዲስክ 14 ወጥቷል፤ 420,000 ብር። በዘይት በኩል የሚወጣው ገንዘብ ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

ኤቢሲ የሚለካው ፍሰትን ነው። ገንዘባችሁ በየትኛው በር እየወጣ እንደሆነ ነው የሚያሳየው።

መረጃውን ከየት ልውሰድ?

ከወጪ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ ከሞዴል 22፣ በግል ድርጅት ከሆናችሁ ከወጪ ደረሰኙ። ቢን ካርዱ በደንብ ከተሞላ የወጪው አምድ ድምር ይበቃል። ከገቢ ደረሰኝ፣ ማለትም ከሞዴል 19፣ አትነሱ። የተገዛ ሁሉ አልተበላም። አንድ ዓመት 300 ባትሪ ተገዝቶ 30 ቢወጣ፣ ከገቢ የተነሳ ሰው ባትሪን ከላይ ያስቀምጠዋል።

ከመደመራችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር አጥሩ። እኔ በራሴ የተቃጠልኩባቸው ናቸው።

የመጀመሪያው መለኪያ ነው። ዘይት የሚገባው በበርሜል፣ የሚወጣው በሊትር ነው። አንድ ጊዜ በምሠራበት ጋራዥ የወጣው ዘይት «20» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር፤ 20 በርሜል ማለት ነው። ዋጋው ደግሞ የአንድ ሊትር ነበር። 20 በ450 ሲባዛ 9,000 ብር መጣ። እያንዳንዱ በርሜል 200 ሊትር ነው፤ ትክክለኛው 1,800,000 ነበር። ዘይት ከአምፖል በታች ሲ ውስጥ ተቀመጠ፣ ማንም አላየውም። ያወቅነው አንድ አንጋፋ መካኒክ ዝርዝሩን አይቶ «እንዴት፣ እኛ እዚህ ዘይት አንጠቀምም?» ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን ሳልጨርስ ለመካኒክ ሳላሳይ አልቀርም። ምንም ኮምፒውተር የማያየውን እነሱ በአንድ ዕይታ ያዩታል።

ሁለተኛው ስም ነው። አንድ ካርድ «ፊልትሮ»፣ ሌላው «የዘይት ማጣሪያ»፣ ሦስተኛው «ፊልተር» ይላል። እቃው አንድ ነው። ወጪው ለሦስት ሲከፈል 280,000 ብር የነበረው ወደ ዘጠና ሺህ ገደማ ወርዶ ሦስቱም ሲ ይሆናሉ። በፓርት ቁጥር አገናኙ እንጂ በስም አትመኑ።

ሦስተኛው፣ በጣም የሚደበቀው፣ እቃው ያልነበረበት ጊዜ ነው። የፍሬን ሸራ ለአራት ወር ከስቶር ጠፍቶ ነበር እንበል። በቀሩት ስምንት ወራት 80 ወጣ። መዝገቡ 80 ነው የሚለው። ፍላጎቱ ግን 80 ለ8 ተካፍሎ በ12 ሲባዛ 120 ነው። በ80 ስታሰሉት የፍሬን ሸራ 480,000 ብር ይሆንና ከባትሪ በታች ይወርዳል። በ120 ስታሰሉት 720,000 ነው። እጥረት የበዛበት እቃ በመዝገብ ላይ ትንሽ መስሎ ስለሚታይ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ትንሽ ይታዘዛል፣ ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ ቢን ካርዱ ላይ ባላንሱ ዜሮ ሆኖ የቆየበትን ጊዜ ፈልጉ።

የትኛውን ነጠላ ዋጋ ልጠቀም?

የሒሳብ ክፍል አማካይ ዋጋ ወይም መጀመሪያ የገባውን ዋጋ ይጠቀማል። ለእነሱ ሥራ ትክክል ነው። ለኤቢሲ ግን እኔ የቅርብ ጊዜውን የግዢ ዋጋ ለሁሉም እቃ እወስዳለሁ። ምክንያቱም የምንደረድረው ለሚመጣው ዓመት ውሳኔ ነው።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ይህ ነገር ጎልቶ ታየ። አንዱ እቃ በድሮ ዋጋ፣ ሌላው በአዲስ ዋጋ ከተባዛ ሰልፉ ይዛባል። የሁሉም ዋጋ በእኩል እጥፍ ቢጨምር ምድቡ አይነቃነቅም፤ ድርሻው ያው ነው። ምድብ የሚቀየረው የአንዱ ዋጋ ሲሮጥ የሌላው ሲቆም ነው። ከውጭ የሚገባው ጎማ ሲንር እዚሁ የሚቆረጠው ቡሎን ቀስ ካለ፣ ሰልፉ ላይ ለውጥ ይመጣል።

ስሌቱን በምሳሌ አሳየን።

የስቶራችን 12 እቃዎች እነሆ። አንድ ዓመት ማለት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የፍሬን ሸራው 120 ከላይ ያስተካከልነው ቁጥር ነው። የመጨረሻው አምድ ከላይ ጀምሮ እየተደመረ የሚሄደው ድርሻ ነው።

| እቃ | የወጣ ብዛት | ነጠላ ዋጋ | ዓመታዊ ብር | ተደማሪ ድርሻ |
|---|---|---|---|---|
| ጎማ | 120 | 40,000 | 4,800,000 | 48% |
| የሞተር ዘይት (ሊትር) | 4,000 | 450 | 1,800,000 | 66% |
| ባሌስትራ | 40 | 22,500 | 900,000 | 75% |
| የፍሬን ሸራ | 120 | 6,000 | 720,000 | 82.2% |
| ባትሪ | 30 | 18,000 | 540,000 | 87.6% |
| የፍሪሲዮን ዲስክ | 14 | 30,000 | 420,000 | 91.8% |
| የዘይት ፊልትሮ | 280 | 1,000 | 280,000 | 94.6% |
| ኩሽኔታ | 80 | 2,500 | 200,000 | 96.6% |
| ግራሶ (ኪሎ) | 400 | 350 | 140,000 | 98% |
| ቺንጊያ | 60 | 1,500 | 90,000 | 98.9% |
| ቡሎን | 2,000 | 30 | 60,000 | 99.5% |
| አምፖል | 500 | 100 | 50,000 | 100% |

ጠቅላላው 10,000,000 ብር ነው። ጎማ ብቻውን ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የታችኞቹ አራት፣ ከግራሶ እስከ አምፖል፣ ተደምረው 340,000 ብር ናቸው፤ ከመቶ 3.4። በፍሬ ብትቆጥሩ ግን ቡሎንና አምፖል ብቻ 2,500 ናቸው። የስቶር ኪፐሩን ቀን የሚበሉት እነሱ ናቸው።

ይህ ምሳሌ አጭር ስለሆነ መስመሩ ደብዘዝ ይላል። ብዙ መቶ እቃ ባለበት ስቶር ውስጥ ኤ የሚሆኑት አብዛኛውን ጊዜ ከእቃው ዓይነት ከ10 እስከ 20 በመቶ ቢሆኑ ነው።

የት ላይ ልቁረጥ? 80 እና 95 ሕግ ነው?

ሕግ አይደለም፤ ልማድ ነው። እስከ 80 በመቶ ኤ፣ እስከ 95 ቢ፣ ቀሪው ሲ። አንዳንዱ 70 እና 90 ይጠቀማል። በምሳሌያችን የፍሬን ሸራ 80ን ይረግጣል፤ ከመደመሩ በፊት 75 ነበር፣ ሲደመር 82.2 ሆነ። ኤ ነው ወይስ ቢ?

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ እቃው ከመደመሩ በፊት ድርሻው 80 ካልደረሰ፣ እቃው ኤ ነው። በዚህ አካሄድ ጎማ፣ ዘይት፣ ባሌስትራና የፍሬን ሸራ ኤ ይሆናሉ። ከባትሪ እስከ ኩሽኔታ ቢ፣ ቀሪዎቹ አራት ሲ።

ይህን የመረጥኩት በምክንያት ነው። «ከተደመረ በኋላ ከ80 በታች ከሆነ ኤ» የሚለውን ብትጠቀሙ፣ አንድ እቃ ብቻውን 85 በመቶ የያዘበት ስቶር ውስጥ ያ እቃ ቢ ይሆናል። ኤ የሚባል ነገር አይኖርም። ነዳጅ ከመለዋወጫ ጋር በአንድ ዝርዝር በተቀላቀለበት ቦታ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ነዳጅ በነገራችን ላይ ለብቻው ይቀመጥ፤ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

በኤክሴል እንዴት ይሠራል?

አምድ ላይ በቅደም ተከተል እቃ፣ ብዛት፣ ዋጋ፣ ዓመታዊ ብር አስቀምጡ። የመጀመሪያው ረድፍ ርዕስ ነው። ዓመታዊውን ብር አስልታችሁ ሰንጠረዡን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩ። መደርደሩን የረሳ ሰው የሚያገኘው ምድብ ትርጉም የለውም፤ ኤክሴል ደግሞ ስህተት ነው አይላችሁም።

```
D2:  =B2*C2
E2:  =SUM(D$1:D1)/SUM(D$2:D$13)
F2:  =IF(E2<0.8,"A",IF(E2<0.95,"B","C"))
```

ሦስቱንም እስከ 13ኛው ረድፍ ወደ ታች ጎትቷቸው። E ላይ ያለው ከእቃው በፊት የተደመረው ድርሻ ነው፤ ለዚህ ነው የመጀመሪያው እቃ ዜሮ የሚያሳየው። D1 ላይ ያለው ርዕስ ጽሑፍ ስለሆነ ድምሩን አይነካም።

መደብኩ። አሁን ምን ልቀይር?

ሁለት ነገር፦ አቆጣጠርንና አስተዛዘዝን።

ከአቆጣጠር ልጀምር። ብዙ ስቶር ሰኔ መጨረሻ ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቆጥራል። ጎማ በጥቅምት ቢጠፋ የሚታወቀው በሰኔ ነው። ያኔ ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም። ኤ እቃ በየወሩ ይቆጠር፣ ቢ በየሦስት ወሩ፣ ሲ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ። አራት ዓይነት እቃ መቁጠር የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ጎማ ሲሆን ከብዛቱ በላይ የጎማው መለያ ቁጥር ከካርዱ ጋር ይመሳከር። አሮጌው ጎማ ሳይመለስ አዲሱ አይውጣ። የተመለሰውም ቁጥሩ ተነብቦ ያ መኪና ላይ የተገጠመው መሆኑ ይረጋገጥ። ዘይት ሲሆን የተከፈተውን በርሜል በዘንግ ለኩ፤ «ግማሽ ገደማ» ተብሎ አይጻፍ። ግማሽ በርሜል 45,000 ብር ነው።

ቡሎንን ደግሞ አንድ በአንድ ለመቁጠር አትድከሙ። ሁለት ሳጥን አድርጉት። ከመጀመሪያው ተጠቀሙ፤ ሲያልቅ ሁለተኛውን ክፈቱና ያኑ ቀን እዘዙ። ካርድ እንኳ በየቀኑ መሙላት አያስፈልግም።

ወደ አስተዛዘዝ ስንመጣ ልዩነቱ በብር ይታያል። የጎማ የሦስት ወር ክምችት 1,200,000 ብር ነው። ከአቅራቢው ጋር ተነጋግራችሁ በወር ተኩል ክምችት መሥራት ከቻላችሁ 600,000 ብር ከመደርደሪያ ወርዶ እጃችሁ ላይ ይገባል። በሲ ላይ ያንኑ ብታደርጉስ? የአራቱም የሦስት ወር ክምችት 85,000 ብር ነው። በግማሽ ብትቀንሱት 42,500 ብር አገኛችሁ፤ በምትኩ የግዢ ሠራተኛውን በየጊዜው መርካቶ ታመላልሱታላችሁ። ሲ በብዛት ይገዛ፣ አልፎ አልፎ። ኤ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። ጎማ የሚመጣው ከውጭ ነው። አቅራቢው ዶላር ሲያጣ ሁለት ሦስት ወር ሊጠፋ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ክምችት ቀንሱ ብዬ አልመክርም። በተመደበለት ቀን እቃ ስለማስገባቱ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን አቅራቢ ይዛችሁ ክምችት ከቀነሳችሁ መኪናው ይቆማል። መጀመሪያ የዓመት ውል ግቡ፣ እቃው በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲገባ ተስማሙ፣ ሁለት ሦስት ርክክብ በቀኑ መግባቱን እዩ፣ ከዚያ ነው መቀነስ።

ሲ ማለት ቢጠፋም ችግር የለውም ማለት ነው?

አይደለም። ይህን በደንብ ልናገር፣ ምክንያቱም ኤቢሲ ያበላሸው ስቶር ሳይ የማየው ስህተት ይህ ነው።

አንድ ክረምት መኪናችን ከጂቡቲ ጭኖ ሲመጣ ሚሌ ላይ ቆመ። የተበጠሰው ቺንጊያ ነበር። 1,500 ብር። ስቶር ውስጥ አልነበረም፤ «ሲ ነው፣ ስናገኝ እንገዛለን» ተብሎ ነበር። ሾፌሩ በዚያ ሙቀት መኪናው ሥር ጥላ ይዞ ሁለት ቀን ጠበቀ። እቃው የሚመጣው በሌላ መኪና ተጭኖ፣ በአዋሽ አድርጎ ነው። የጭነቱ ባለቤት ደግሞ በየሰዓቱ ይደውላል። የዚያ ጉዞ ኪሳራ የዓመቱን ቺንጊያ ሁሉ ይገዛ ነበር።

ኤቢሲ የሚያውቀው ብርን ብቻ ነው። እቃው ሲጠፋ የሚደርሰውን ጉዳት አያውቅም። ስለዚህ ከጎኑ ሌላ አምድ ጨምሩ፦ ወሳኝ፣ አስፈላጊ፣ ቢኖር ጥሩ። ይህን አምድ ስቶር ኪፐር ብቻውን አይሙላ፤ መካኒኩና ስምሪት ክፍሉ ይቀመጡበት። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ እቃ ዛሬ ባይኖር መኪናው ነገ ይወጣል? አይወጣም ከተባለ ወሳኝ ነው። የሆስፒታል ፋርማሲዎችም መድኃኒትን በዚህ መልክ ሁለት ጊዜ ይመድባሉ። እዚያ ርካሽ ሆኖ ሕይወት የሚያድን መድኃኒት ሞልቷል።

ሲ ሆኖ ወሳኝ የሆነ እቃ ለሥራ አስኪያጅ ቀላሉ ውሳኔ ነው። ርካሽ ስለሆነ በብዛት ይያዝ። ቺንጊያ የስድስት ወር ብትይዙ 45,000 ብር ነው። ኤ ሆኖ ወሳኝ የሆነው፣ ልክ እንደ ጎማ፣ ነው ከባዱ፤ መብዛቱም ማነሱም ያስከፍላል።

ዓመቱን ሙሉ ያልወጣ እቃስ?

ፍጆታው ዜሮ ስለሆነ በስሌቱ ሲ ይሆናል። ከሲ ጋር ግን አታቀላቅሉት። ስቶራችን ውስጥ አንድ ቴስታ ነበር፣ በፋብሪካ ቅባቱ እንደተሸፈነ፣ ላዩ አቧራ ጠጥቶ። የተገዛው ቀድሞ ለተሸጠ መኪና ነው። በኤቢሲ ዝርዝር ላይ ከአምፖል በታች ነበር፤ የታሰረበት ገንዘብ ግን ከአምፖሉ፣ ከቡሎኑና ከግራሶው ድምር ይበልጥ ነበር።

ዜሮ ወጪ ያላቸውን ለይታችሁ ሌላ ሰንጠረዥ ላይ አውጧቸው። እነሱን የምትደረድሩት በፍጆታ ሳይሆን ዛሬ መደርደሪያ ላይ ባለው ብር ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ጠይቁ፦ የሚገጠምበት መኪና አሁንም አለን? ካለ መጠባበቂያ ነው፣ ይቆይ። ከሌለ ለሽያጭ ወይም ለማስወገድ ይቅረብ።

አዲስ የገባ እቃ የት ይመደባል?

ታሪክ ስለሌለው ለጊዜው ቢ ውስጥ አስቀምጡት። ስድስት ወር ሲሞላው የወጣውን በሁለት አባዙና እውነተኛ ቦታውን ስጡት።

በየስንት ጊዜ ልከልሰው?

ከሰኔ 30 ቆጠራ በኋላ በዓመት አንዴ። በመሃል ጥር ላይ ኤና ቢን ብቻ ብታዩ ይበቃል። ከዚያ ውጪ ሁለት ነገር ሲከሰት ቀኑን አትጠብቁ፦ የመኪናው ቁጥር ወይም ዓይነት ሲቀየር፣ እና የአንዳንድ እቃ ዋጋ ከሌላው ተለይቶ ሲዘል።

ድንበር ላይ ያለ እቃ በየክለሳው ከኤ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ኤ ቢዋልል፣ ሁለት ክለሳ በተከታታይ አዲሱ ምድብ ላይ ካልተገኘ በስተቀር ባለበት ተዉት። የፍሬን ሸራና ባትሪ በየዓመቱ ቦታ ሲቀያየሩ የቆጠራ ፕሮግራሙ፣ የካርዱ ቀለምና የመደርደሪያው ቦታ ሁሉ አብሮ ይቀየራል። ስቶር ኪፐሩ የት እንዳስቀመጠው ሲፈልግ ይውላል።